ሐሙስ ማታ የተጻፈው መልቀቂያ፦ በንዴት የተረቀቀ የሥራ ስንብት ኢሜይል እንዴት እንደ ተቃና

ባለጉዳይዋ በኮምቦልቻ ከሚገኙት ፋብሪካዎች በአንዱ የማሸጊያ ዕቃዎች ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ በተለመደው አጠራር ስቶር ኪፐር ነበረች። መኖሪያዋ ደሴ በመሆኑ በየማለዳው የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ እየወረደች ማታ ትመለስ ነበር። በረዳትነት ተቀጥራ በሁለተኛው ዓመቷ ግምጃ ቤቱን ተረክባለች፤ ይህ ጉዳይ በተነሣበት የካቲት ወር ደግሞ በድርጅቱ አራት ዓመት ከሰባት ወር ሞልቷት ነበር። ስሟንም የድርጅቱንም ስም የማልጠቅሰው በፈቃዷ ስለምጽፍ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በሁለት ድርጅቶች የሰው ሀብት ክፍል ለዓመታት ሠርቼ አሁን ደሴ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከመጀመሪያዎቹ ወራቷ ጀምሮ ስለምታውቀኝ «ጋሼ» ትለኛለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በተደረገ የሥራ ስብሰባ ላይ የፋይናንስ ኃላፊው በግምጃ ቤቱ የ38 ጥቅል ማሸጊያ ፕላስቲክ ጉድለት መገኘቱን ተናገረ፤ ቀጥሎም የምርት፣ የሽያጭና የጥበቃ ተጠሪዎች በተቀመጡበት «ሌባ ቤት ውስጥ እያለ ከውጭ አንፈልግም» አለ። ስም አልጠራም፤ ነገር ግን የግምጃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ የማያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እርሷም ምንም ሳትመልስ ወጣች። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም የኢሜይሏን ረቂቅ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከሥሩም «ጋሼ፣ ልላከው?» የሚል ብቻ ነበረበት።

የመለስኩላት ስለ ጽሑፉ አልነበረም። ከሁሉ አስቀድማ To እና Cc በሚሉት ቦታዎች የሞላቻቸውን አድራሻዎች እንድታጠፋ ነገርኳት፤ አድራሻ የሌለው ኢሜይል ጣት ቢስት እንኳ አይሄድም። ነገ እንደ ወትሮዋ ሥራ ገብታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንድንገናኝም ተስማማን። ዓርብ አለመግባት ያለ ፈቃድ መቅረት ሆኖ ይጻፍባት ነበርና ይህን አጥብቄ አሳሰብኳት።

የመጀመሪያው ረቂቅ፣ ስሞቹ ወጥተውለት፣ እንዲህ ይል ነበር፦

«ጉዳዩ፦ በቃኝ!

ክቡር አቶ እገሌ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬን ለቅቄያለሁ። አራት ዓመት ከሰባት ወር እንደ አህያ ስሸከም ኖሬ ዛሬ በሰው ፊት ሌባ ተባልኩ። እርስዎ ስለ ሌብነት ሊያወሩ አይገባም ነበር። ዕቃ ሳይቆጠር ፈርሚ እያልክ ስታስገድደኝ የነበርከው አንተ አይደለህም? እኔ ዝም ብዬ ስሸፍን ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ሁሉንም አወጣዋለሁ። የስቶሩን ቁልፍ ለጥበቃ ሰጥቻለሁ። ያለኝ ክፍያ በሙሉ እስከ ነገ ካልገባልኝ በሕግ እንተያያለን። ፈጣሪ የእጅህን ይስጥህ።»

ግልባጩ ለሥራ አስኪያጁ፣ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት፣ ለምርት ክፍሉ እና ለሁለት ደንበኛ ድርጅቶች ግዢ ክፍል እንዲሄድ ተሞልቶ ነበር።

ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት ተቀምጠን ወረቀቱን ስናነብ እርሷ የጠበቀችው «ስድቡን አውጪው» እንድላት ነበር። ስድቡ ግን ከሁሉ የሚቀለው ችግር ነበር፤ ያነበበ ሁሉ ንዴት መሆኑን ስለሚረዳው ሊታለፍ ይችላል። በዚህ ኢሜይል ውስጥ እውነተኛ ጉዳት የሚያደርሱት ጨዋ የሚመስሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ።

አንደኛው «እኔ ዝም ብዬ ስሸፍን ኖሬያለሁ» የሚለው ነው። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከጥቅምት ወር ወዲህ በሦስት የተለያዩ ምሽቶች ጥቅል የጫኑ መኪኖች ግምጃ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ደርሰው ነበር። የፋይናንስ ኃላፊው ሾፌሩ እንዳይጉላላ በሚል የማስረከቢያ ወረቀቱ ላይ እንድትፈርምና ቆጠራው በማግሥቱ እንዲደረግ በስልክ አዟታል። በማግሥቱ ግን ምርት ክፍሉ ጥቅሉን ለመውሰድ ስለሚቸኩል ሳይቆጠር ወጪ ይሆን ነበር። የዕቃ ገቢ ሰነዱም፣ ሠራተኛው ጂአርኤን የሚለው፣ ከቢሮ ተሞልቶ ሲመጣላት ፈርማበታለች። እርሷ «ሸፈንኩ» ያለችው ይህን ነው፤ ለአለቃዋ ብላ የአሠራር ጉድለትን መሸከሟን ነው። ከስብሰባው ውጭ የነበረ ሰው፣ ለምሳሌ የዋና መሥሪያ ቤቱ ኦዲተር ወይም ጉዳዩ ቢደርስ ፖሊስ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ የሚረዳው ግን ሌላ ነው፤ የ38 ጥቅል ጉድለት በተገኘ ማግሥት የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ጉድለት ስትደብቅ መኖሯን በራሷ እጅ ጽፋ አምናለች ማለት ነው። በሰው ላይ የወረወረችው ድንጋይ ራሷ ላይ እንደሚያርፍ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔኮ እሱን ማለቴ ነው» አለች። ልክ ነች፤ ነገር ግን እርሷ ማለቷ በወረቀቱ ላይ የለም።

ሁለተኛው «የስቶሩን ቁልፍ ለጥበቃ ሰጥቻለሁ» የሚለው ነው። እንደ እድል ሆኖ ይህ በሐሙስ ማታ ገና ያልተፈጸመ ዛቻ ነበር፤ ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ዕቃ ግምጃ ቤትን ያለ ቆጠራና ያለ ርክክብ ሰነድ ጥሎ መውጣት ማለት ከዚያ ቀን በኋላ የሚጎድለውን ሁሉ በስሟ ማስመዝገብ ማለት ነው፤ ጥበቃው ቁልፉን ለማን እንደ ሰጠ፣ ማን እንደ ገባ፣ ምን እንደ ወጣ የሚመሰክርላት አንድም ወረቀት አይኖርም። በሰው ሀብት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ክሊራንስ ለወራት ሲንጠለጠል ያየኋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ተሳድበው የወጡ አልነበሩም፤ ሳያስረክቡ የወጡ ነበሩ።

ሦስተኛው «ከዛሬ ጀምሮ» የምትለው አጭር ሐረግ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራውን በራሱ ፈቃድ ሊለቅ የሚችለው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ነው። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሠራተኛ በአንቀጽ 45 ለአሠሪው ካሳ የመክፈል ኃላፊነት አለበት፤ ካሳው ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፤ የሚከፈለውም ሠራተኛው ገና ካልተቀበለው ክፍያ ላይ ነው። በናፕኪን ጀርባ ላይ አሰላነው። ደመወዟ በወር 9,600 ብር ነው። እስከ የካቲት 6 የሠራችባቸው ስድስት ቀናት 1,920 ብር ይሆናሉ። ያልወሰደችው የ11 ቀን የዓመት ዕረፍት በ26 የሥራ ቀን ሲሰላ ወደ 4,060 ብር ይደርሳል። ሁለቱ ተደምረው ግብር ሳይቆረጥ 6,000 ብር እንኳ አይሞሉም፤ ድርጅቱ የ30 ቀኑን ካሳ ቢጠይቅ ደግሞ እስከ 9,600 ብር ድረስ ነው። «እስከ ነገ ካልገባልኝ» ብላ የዛተችበት ገንዘብ በራሷ ሐረግ ሊጠፋ ይችል ነበር። የጊዜ ገደቡም ቢሆን ስሕተት ነበር፤ በአንቀጽ 36 መሠረት አሠሪው የመጨረሻ ክፍያን የሚፈጽመው የሥራ ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ አነሣች፦ በሰው ፊት ሌባ የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ አይችልም ወይ? አዋጁ በአንቀጽ 32 ለዚህ በር ከፍቷል፤ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብርና ሞራል የሚነካ ወይም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ወዲያውኑ ሊለቅ ይችላል። መብቱ የሚቆየው ግን በአንቀጽ 33 መሠረት ለ15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። በእርሷ ጉዳይ ይህን መንገድ ያልመረጥነው ሁለት ነገር አመዛዝነን ነው። ንግግሩ ስም ያልጠራ የጎንዮሽ ንግግር ነበር፤ የሰሙትም ሁሉ በዚያው ኃላፊ ፊርማ አበል የሚወስዱ ሠራተኞች ናቸውና ይመሰክሩልኛል ብላ አልተማመነችም። ከዚያም በላይ በአንቀጽ 32 መሄድ ክርክር መክፈት ነው፤ እርሷ ደግሞ የምትፈልገው ደሴ ውስጥ ሌላ ሥራ መግባት ነበር። ንግግሩ በግልጽ በስሟ ተነግሮ ወይም በጽሑፍ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይህ ባልሆነ ነበር፤ ወደ ሕግ ባለሙያ እልካት ነበር።

ከእነዚህ ከሦስቱ በኋላ ነው ወደ አነጋገሩ የተመለስነው። በረቂቁ ውስጥ «ክቡር» ተብሎ የተጀመረው ሰው በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «እርስዎ» ሆኖ በአራተኛው «አንተ» ይሆናል። በአማርኛ ንዴት ከስድብ ይልቅ በዚህ ይታወቃል፤ አንባቢው ነገሩን ሳይረዳ የጸሐፊዋን ልብ ምት ከአንቱታው መውረድ ይቆጥረዋል። እኔ ያቀረብኩላት መፍትሔ «አንተ»ን ወደ «እርስዎ» መመለስ አልነበረም፤ የተናደደ ሰው «እርስዎ» ሲል ሽሙጥ ይሆናል። ይልቁንም ደብዳቤውን ለሰውዬው መጻፍ እንድትተውና ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል እንድታደርገው ነገርኳት። ክፍል ሲሆን አንተም አንቱም የለም፤ የሚሰደብም የሚለመንም የለም። አዋጁም ቢሆን የሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ እንዲሰጥ ወይም ለመሥሪያ ቤቱ እንዲደርስ ነው የሚጠይቀው፤ የተጣሉትን ሰው አድራሻ አይጠይቅም።

ግልባጩን በተመለከተ ብዙ አልተከራከርንም። የደንበኞቹን አድራሻዎች ስታያቸው ራሷ አፈረች። ዋና መሥሪያ ቤቱን ግን ማስወጣት አልፈለገችም ነበር፤ «እነሱ ካላወቁ ማን ያውቃል?» አለች። መልሴ ዋና መሥሪያ ቤቱ ይህን የሚያነበው እንደ አቤቱታ ሳይሆን እንደ መልቀቂያ ነው፤ የሄደን ሰው አቤቱታ ደግሞ የሚያይ የለም የሚል ነበር። በመጨረሻ የቀረው ግልባጭ ለፋይናንስ ክፍል ብቻ ነው፤ ይህም ንብረት የሚረከበው ክፍል እርሱ ስለሆነ።

እሑድ ማታ የጻፈችው ሁለተኛው ረቂቅ ሲደርሰኝ ንዴቱ ልብስ ቀይሮ መጥቷል። «ከዚህ በላይ ክብሬ እንዲነካ ባለመፈለጌ» የሚል አለበት፤ «ለሁሉም ግልጽ እንደሆነው» የሚል አለበት፤ ከታች ደግሞ «እውነት አንድ ቀን ይወጣል» ተብሎ ተዘግቷል። ሦስቱም ሐረጎች በራሳቸው ጨዋ ናቸው፤ ነገር ግን አንባቢውን «ምን ሆና ነው?» ብሎ ስልክ እንዲያነሣ ያደርጉታል፤ ስልኩ ደግሞ የሚደወለው ለዚያው ኃላፊ ነው። ምክንያቱን «በግል ጉዳይ» ብላ እንድትጽፍ የመከራት ባልደረባም ነበር፤ እርሷ ግን «ውሸት አልጽፍም» ብላ አሻፈረኝ አለች። መዋሸት አያስፈልጋትም ነበር፤ በአንቀጽ 31 የሚለቅ ሠራተኛ የሚለቀው በራሱ ፈቃድ ነውና «በፈቃዴ» ማለቱ ይበቃል ብለን አሰብን። ስለዚህ የምክንያቱ ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ወጣ።

የምስጋናው ዓረፍተ ነገር ከሌላው ሁሉ ረጅም ጊዜ ወሰደብን። «ስለተደረገልኝ መልካም አቀባበልና ትብብር» የሚለው የተለመደ አባባል ከተሰደበች በአራተኛው ቀን ከእጇ አልወጣም አላት፤ ቢወጣም ኖሮ ስብሰባው ላይ የነበረ ሁሉ እንደ ሹፈት ያነበው ነበር። ያለ ምስጋና መጻፍም ይቻላል አልኳት። ጥቂት ቆይታ ግን ራሷ አንድ እውነት አገኘች፦ ረዳት ሆና ተቀጥራ ሳለ በሁለተኛው ዓመት ግምጃ ቤቱን የሰጧት፣ የቀድሞው ኃላፊ «ትችለዋለች» ብለው ስለ ተከራከሩላት ነው። ለዚህ ማመስገን አልከበዳትም።

ሰኞ የካቲት 10 የቀረበው ደብዳቤ ይህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የ30 ቀን የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያ ስለ መስጠት

ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
ኮምቦልቻ

በድርጅቱ ላለፉት አራት ዓመት ከሰባት ወራት በማሸጊያ ዕቃዎች ግምጃ ቤት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራዬን በፈቃዴ የምለቅ መሆኔን አሳውቃለሁ። ማስጠንቀቂያው ከየካቲት 11 ጀምሮ ስለሚቆጠር የመጨረሻ የሥራ ቀኔ መጋቢት 10 ይሆናል።

በእጄ የሚገኘውን ንብረት በአካል ቆጥሮ የሚረከበኝ ሠራተኛና የቆጠራ ኮሚቴ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ። ለቆጠራው የሚረዳ የርክክብ ማስታወሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

ርክክቡ ሲጠናቀቅ የመጨረሻ ክፍያዬ፣ ያልተጠቀምኩበት የዓመት ዕረፍት ክፍያ እና የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲዘጋጅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በረዳትነት ተቀጥሬ ሳለ ግምጃ ቤቱን እንድይዝ እምነት ስለተጣለብኝ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል»

ደብዳቤው በኢሜይል ተልኳል፤ ነገር ግን በኢሜይል ብቻ አልተውነውም። ማለዳ ታትሞ፣ ተፈርሞበት፣ መዝገብ ቤት ገብቶ በቅጂው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ተመልሷል። ይህ ለወጉ ያህል የተደረገ አይደለም፤ 30 ቀኑ ከመቼ ጀመረ የሚለው ክርክር ቢነሣ የሚታየው ያ ማኅተም ነው። «ኢሜይሉ አልደረሰኝም» ማለት ቀላል ነው፤ የራስን መዝገብ ቤት ማኅተም አላውቀውም ማለት ግን ይከብዳል።

ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው የርክክብ ማስታወሻ ከመልቀቂያው በላይ የደከምንበት ጽሑፍ ነው፤ በሐሙሱ ረቂቅ ውስጥ የነበረው እውነተኛ ቅሬታ ሁሉ ቦታ ያገኘው በዚህ ነውና። ለእያንዳንዱ ጭነት የደረሰበት ቀን፣ የመኪናው ሰሌዳ፣ የሾፌሩ የማስረከቢያ ወረቀት ቁጥርና የገቢ ሰነዱ ቁጥር በአንድ መስመር ተጻፈ፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይም «በአካል ሳይቆጠር ወጪ የተደረገ» ተባለ። ማን እንዳዘዛት አልተጻፈም። ይህን ስታየው ቅር አላት፤ ዋናውን ነገር ያስቀረን መሰላት። የእኔ ሐሳብ ግን «አዘዘኝ» የሚለው ቃል እንድታረጋግጥ የሚጠይቃት ክስ ሲሆን «ሳይቆጠር ወጪ ሆነ» የሚለው ግን ማንም በሰነድ ሊያየው የሚችል ነገር ነው የሚል ነበር፤ ኮሚቴው ለምን እንዳልተቆጠረ ከጠየቃት ያን ጊዜ በቃል ትመልሳለች።

በጣም የጠቀማት ደግሞ እርሷ ከቁም ነገር ያልቆጠረችው አንድ ልማዷ ነው። እነዚህ ጭነቶች ሲገቡ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ቢን ካርድ ላይ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ከጻፈች በኋላ በጠርዙ ላይ በእርሳስ «ሳይቆጠር» እያለች ትጽፍ ነበር። ሦስቱም ቦታ ላይ አለ፤ አንደኛው በሻይ ብርጭቆ ክብ ተሸፍኖ በግድ ይነበባል። ካርዶቹ የድርጅቱ ንብረት ስለሆኑ ወደ ቤት እንዳትወስዳቸው፣ በእርሳስ የተጻፈውንም በእስክሪብቶ እንዳታደምቀው ነገርኳት፤ ሰነድ ነካክታለች እንዳይባል። በማስታወሻው ላይ «በቢን ካርዱ ላይ በወቅቱ የተደረገውን ምልክት ይመልከቱ» የሚል አንድ መስመር በቂ ነበር።

የፋይናንስ ኃላፊው ደብዳቤው በደረሰው ቀን አላናገራትም። በማግሥቱ ግን ቢሮው ጠርቶ «ለምን በዚህ ጊዜ?» አላት፤ በቅርቡ የሁለቱም እምነት ጾም ተደራርቦ ሠራተኛ በሚያንስበት ወቅት መሆኑን ማለቱ ነው። ቀድመን እንደ ተነጋገርነው «ርክክቡን በደንብ ጨርሼ እሄዳለሁ» ብቻ አለች። ኋላ እንደ ነገረችኝ በ30ዎቹ ቀናት ውስጥ የከበዳት ደብዳቤውን መጻፍ ሳይሆን ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨምርበት ከቢሮው መውጣት ነበር።

ቆጠራው ስድስት ቀን ፈጀ። ኮሚቴው የገቢ ሰነዶቹን ከሾፌሮቹ የማስረከቢያ ወረቀቶች ጋር ሲያስተያይ በሁለተኛው ጭነት ላይ ልዩነት አገኘ፤ የማስረከቢያ ወረቀቱ 150 ጥቅል ሲል የገቢ ሰነዱ 181 ይላል። ቢሮ ውስጥ ሰነዱን የሞላው ሰው ቁጥሩን የገለበጠው መኪናው ከጫነው ሳይሆን ከግዢ ትእዛዙ ነበር። ከ38ቱ ጥቅል 31ዱ መጀመሪያውኑ ግምጃ ቤት ያልገቡ ናቸው ማለት ነው። የቀሩት ሰባቱ የት እንደ ገቡ አልታወቀም፤ ኮሚቴውም «ምክንያቱ ያልተለየ» ብሎ በቃለ ጉባኤ መዝግቦ ፈረመ፤ ተረካቢውም እርሷም ፈረሙ። ንጹሕ ነሽ ያላት የለም። ሌባ የሚያሰኝ ነገርም አልተገኘም።

መጋቢት 10 ቁልፉን ለተረካቢው አስረክባ ወጣች፤ ክፍያዋም ሰባቱ የሥራ ቀናት ሳይሞሉ ገባላት። የሥራ ልምድ ማስረጃው ግን ሲደርሳት ከፋት። የሥራ ዓይነቷ፣ የአገልግሎት ዘመኗ፣ ደመወዟ እና የሥራ ግብር ተቆርጦ ገቢ መደረጉ ተጽፎበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚታየው «በሥራ ላይ በቆዩበት ጊዜ ታታሪና ታማኝ ነበሩ» የሚለው መስመር የለም። በአዋጁ አንቀጽ 12 አሠሪ ሊሰጥ የሚገደደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ነው፤ ምስጋና በግድ አይጻፍም። ይህን ለማስጨመር እንዳትሄድ መከርኳት። የግብሩ መስመር ከውዳሴው ይልቅ ይጠቅማታል፤ ከግል ድርጅት የተገኘ ልምድ ሲመዘን ብዙ ቀጣሪዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት እርሱን ነውና።

ውዳሴውን ከሌላ ቦታ አገኘነው። ከመውጣቷ በፊት በነበረው ሳምንት የቀድሞውን የግምጃ ቤት ኃላፊ ቤታቸው ሄዳ ስለ እርሷ ቢጠየቁ ይመሰክሩላት እንደሆነ ጠየቀች፤ ከምርት ክፍሉም ተጠሪውን እንዲሁ። ለሁለቱም የደብዳቤዋንና የቆጠራ ቃለ ጉባኤውን ቅጂ አሳየቻቸው እንጂ የስብሰባውን ነገር አልተረከችላቸውም። የቀድሞው ኃላፊ ወረቀቱን አንብበው «ጠብ የሌለበት ነው፤ ስልኬን ስጫቸው» አሏት።

ሚያዝያ ውስጥ ደሴ የሚገኝ አንድ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ሊቀጥራት ሲያስብ ለቀድሞው ኃላፊ ደወለ፤ ከዚያም እርሷ ሳትሰጠው ቁጥሩን አፈላልጎ ለፋይናንስ ኃላፊው ደወለ። ኮምቦልቻና ደሴ መካከል ያለው ነጋዴ በሙሉ እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ይህ እንደሚሆን አስቀድመን ገምተን ነበር። ቀጣሪው ራሱ በኋላ እንደ ነገራት፣ ኃላፊው የመለሰለት «አስረክባ ነው የወጣችው፤ ሌላ የምለው የለኝም» የሚል ብቻ ነው። ለግምጃ ቤት ሠራተኛ ይህ መልስ በቅቷል፤ ሥራውን ጀምራለች።

የስብሰባው ንግግር ጉዳይ በዚህ አልተዘጋም። የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ከተቀበለች በኋላ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ የሚደርስ የአንድ ገጽ አቤቱታ ጽፋ፣ የተነገረውን ቃል፣ ቀኑን፣ የነበሩትን ሰዎች የሥራ ድርሻ እና የቆጠራውን ውጤት አስፍራ፣ ንግግሩ በተነገረበት ጉባኤ ፊት እንዲታረም ጠይቃለች። አቤቱታው መዝገብ ቤት የገባበት ማኅተም በእጇ አለ፤ ይህን እስከ ጻፍኩበት ቀን ድረስ ግን መልስ አልተሰጣትም።